“ሙሉ ውክልና” ቤት ያሸጣል ወይ?

“አዲስ አበባ ላለው ወንድሜ ከዱባይ ሙሉ ውክልና ልኬለታለሁ። ኮንዶሚኒየሜን እያከራየ እንዲጠብቅልኝ ብዬ ነው። አሁን ሰዎች ‘ሙሉ ውክልና ከሰጠሽው መሸጥም ይችላል’ ይሉኛል። እውነት ነው?”

እህቴ፣ መጀመሪያ ወረቀቱን አውጥተሽ አንብቢው። ከላይ በደማቁ “ሙሉ ውክልና” ወይም “ጠቅላላ ውክልና” መባሉ ብቻውን ቤት አያሸጥም። የሚያሸጠው ከርዕሱ በታች የተደረደረው “እንዲ” ነው። እንዲያከራይ፣ እንዲያስተዳድር፣ እንዲሸጥ፣ እንዲለውጥ፣ እንዲያስይዝ። እያንዳንዱ “እንዲ” አንድ ሥልጣን ነው። “እንዲሸጥ” የሚል ካለ፣ ቤትሽን ወይም የማይንቀሳቀስ ንብረትሽን በግልጽ ከጠራ፣ አዎ፣ ይችላል። ከሌለ አይችልም።

ውክልና ማለት አንድ ሰው በሌላው ስም ሕጋዊ ሥራ እንዲሠራ የሚሰጥ ሥልጣን ነው። ወንድምሽ ባንቺ ስም የኪራይ ውል ሲፈርም እጁ የሱ ነው፣ ፊርማው ግን ያንቺ ነው። ተከራዩ ውል የገባው ካንቺ ጋር ነው። ቤቱ ቢያፈስ የሚጠይቀው አንቺን ነው፣ ኪራዩ ባይከፈል የምትጠይቂው አንቺ ነሽ። ውክልና አደገኛም ጠቃሚም የሆነው በዚሁ ምክንያት ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ጠቅላላና ልዩ ውክልናን ለይቶ አስቀምጧል። በደፈናው “ንብረቴን ሁሉ ያስተዳድርልኝ” ተብሎ የተሰጠ ውክልና የአስተዳደር ሥራ ብቻ ያሠራል። የአስተዳደር ሥራ ምን እንደሆነ ደግሞ አንቀጽ 2204 ይዘረዝረዋል። ንብረቱን መጠበቅና ማደስ፣ ከ3 ዓመት ለማይበልጥ ጊዜ ማከራየት፣ ገንዘብ መሰብሰብ፣ ዕዳ መክፈል፣ ምርትን ወይም የሚበላሽ ዕቃን መሸጥ። በቃ። አንቺ የፈለግሽው ይኸው ነበር አይደል? በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ውሉ ከ2 ዓመት እንዳያንስ ይላል፣ እሱም በዚህ ልክ ውስጥ ይገባል። ለ2 ዓመት ቢያከራየው፣ ቧንቧ ቢያስጠግን፣ ኪራይ ቢቀበልልሽ ከጠቅላላው ውክልና አልወጣም። ለ5 ዓመት ካከራየው ግን ወጥቷል።

ቀጥሎ አንቀጽ 2205 ይመጣል። ቤት መሸጥ፣ ቤት ማስያዝ፣ ካፒታል ኢንቨስት ማድረግ፣ ስጦታ መስጠት፣ በክርክር መታረቅ፣ ጉዳይን ለግልግል ዳኛ መስጠት፣ መክሰስና ተከስሶ መከራከር፣ እነዚህ ሁሉ ልዩ ሥልጣን ይፈልጋሉ። በስማቸው ተጠርተው መጻፍ አለባቸው። ሕጉ ይህን ያደረገው ሰው ሳያስበው ቤቱን እንዳያጣ ነው።

ችግሩ እኛ ጥበቃውን በገዛ እጃችን እናፈርሰዋለን።

የአክስቴ ልጅ ለእህቷ ባል የላከችውን ወረቀት አይቼዋለሁ። የፈለገችው ሁለት ነገር ብቻ ነበር፣ የተዘጋ መብራት ቆጣሪ ማስከፈትና ኪራይ መቀበል። ያጻፈችበት ቦታ የነበረው ሰው የተዘጋጀ ቅጽ ከኮምፒውተር አወጣ። ስሟን አስገባ፣ የተወካዩን ስም አስገባ፣ አተመላት። አንድ ገጽ ሙሉ። “በስሜ ተመዝግቦ የሚገኘውን ወይም ወደፊት በስሜ የሚመዘገበውን የሚንቀሳቀስም ሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት እንዲሸጥ፣ እንዲለውጥ፣ በስጦታ እንዲያስተላልፍ፣ በዋስትና እንዲያስይዝ፣ ከባንክ እንዲበደር፣ ሦስተኛ ወገን እንዲወክል” እያለ ይሄዳል። “እንዲ”ዎቹን በጣቴ ብቆጥር 27 ሆኑ። ከ27ቱ የሚያስፈልጓት 4 ነበሩ። “ታዲያ ለምን ፈረምሽ?” ስላት “ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያደርገው፣ ደግሞ ተመልሶ እንዳያመላልሰኝ ብዬ ነው” አለች። ቤቷ በባንክ ዕዳ መያዙን ያወቀችው ቆይታ ነው። ሰውየው የፈረመው ሁሉ በወረቀቱ ላይ ነበረ። “አላወቅሁም” ማለቷ ባንኩን አላንቀሳቀሰውም።

ይሄ ነገር እኔን በጣም ያናድደኛል። “ሁሉንም ጨምርበት፣ ለወደፊት ይጠቅማል” የሚለው ልማድ መቅረት አለበት። የሚያጽፈው ሰው አብዛኛውን ጊዜ በስደት ያለች የቤት ሠራተኛ ናት፣ የዕረፍት ቀኗን ለምና ወጥታ፣ ወረፋ ጠብቃ፣ በችኮላ የምትፈርም። ቅጹን የሚያወጣላት ሰው “ለምን ጉዳይ ነው?” ብሎ መጠየቅ ግዴታው መሆን ነበረበት። ቅጹ ራሱ ሲጀመር ባዶ ሆኖ፣ ሥልጣኑ አንድ በአንድ እየተጠየቀ ቢጨመር ስንት ቤት በተረፈ።

የመሸጥ ሥልጣን መስጠት አለብሽ እንበል። መሬት ላይ ያለው ወንድምሽ ነው፣ ገዢ አግኝቷል፣ አንቺ መምጣት አትችይም። ያኔም ቢሆን “እንዲሸጥ” ብለሽ አትተይው። የቤቱን የካርታ ቁጥር፣ ክፍለ ከተማውን፣ ወረዳውን፣ የቤት ቁጥሩን ጻፊ። “ከዚህ ብር በማያንስ ዋጋ” የሚል ጨምሪ። “የሽያጩ ገንዘብ በስሜ በተከፈተው በዚህ ቁጥር ሂሳብ ብቻ እንዲገባ” በይ። እነዚህ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ብዙ ጣጣ ያስቀራሉ፤ ገዢውም ባንኩም ሰነዱን ሲያነቡ ገደቡን ያዩታልና። ባለትዳር ከሆንሽ ደግሞ የጋራ ቤት ያለ ሁለቱም ተጋቢዎች ስምምነት አይሸጥም፣ ስለዚህ ያንቺ ውክልና ብቻ አይበቃም፣ የባልሽም ያስፈልጋል።

“ሦስተኛ ወገን እንዲወክል” የምትለዋን ቃል ደግሞ ብዙ ሰው አያያትም። ወኪል ሥራውን ራሱ መሥራት አለበት፤ ያንቺ ፈቃድ ከሌለ ሌላ ሰው በቦታው መተካት የለበትም። ቅጹ ላይ ያለችው ያቺ ቃል ግን ይህን በር ትከፍተዋለች። ወንድምሽን አምነሽ የሰጠሽው ሥልጣን ነገ አንቺ የማታውቂው ደላላ እጅ ሊገባ ይችላል። ለጠበቃ እንዲሰጥ ከፈለግሽ “ለፍርድ ቤት ክርክር ጠበቃ እንዲወክል” ብለሽ ወስነሽ ጻፊ።

ቤቱን ለራሱ ቢሸጠውስ? በአንድ በኩል ባንቺ ስም ሻጭ፣ በሌላ በኩል በራሱ ስም ገዢ ሆኖ ቢፈርም? ሕጉ ይህን ውል አንቺ እንድታፈርሺው መብት ይሰጥሻል፣ ካወቅሽበት ቀን ጀምሮ በ2 ዓመት ውስጥ ግን መናገር አለብሽ። ዝም ካልሽ ጊዜው ያልፍብሻል። ወኪልሽ ጥቅሙ ካንቺ ጥቅም ጋር ሲጋጭ፣ ገዢውም ይህን እያወቀ ሲዋዋልም እንደዚሁ ነው። ለምሳሌ ገዢው የሚስቱ ወንድም ሆኖ ዋጋው ከገበያው ግማሽ ከሆነ፣ መጠየቅ ተገቢ ነው። ወኪል ሒሳብ ማቅረብ ግዴታው ነው። ኪራዩን በየስንት ብር እንደተቀበለ፣ ለጥገና ስንት እንዳወጣ ብትጠይቂው ነገር መፈለግ አይደለም። ወንድምም ቢሆን።

አሁን ወደ ዋናው ላምጣሽ፤ ወረቀቱን አንብበሽ “እንዲሸጥ” የሚል ብታገኚ ምን ታደርጊያለሽ?

ሻሪው። ውክልና በፈለግሽ ጊዜ ይሻራል። “የማይሻር ነው” ተብሎ ቢጻፍበት እንኳ ያ ጽሑፍ ዋጋ የለውም፣ ሕጉ በግልጽ ይላል። ግን ስልክ ደውለሽ “ከዛሬ ጀምሮ ወኪሌ አይደለህም” ማለት አይበቃም። ውክልና መስጫውም መሻሪያውም ተረጋግጦ ካልተመዘገበ ሕጋዊ ውጤት አይኖረውም። አንቺ ዱባይ ካለው ቆንስላ የመሻሪያ ሰነድ ታሠሪያለሽ። ሰነዱ አዲስ አበባ ሲደርስ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ያረጋግጠዋል፣ ከዚያ ብዙዎቻችን አሁንም ውልና ማስረጃ የምንለው የሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ ይገባል። የመጀመሪያው ውክልና ተመዝግቦበት ባለው ፋይል ላይ መሻሩ እንዲያያዝ የምዝገባ ቁጥሩን ጻፊላቸው። ቁጥሩ ማኅተሙ አጠገብ አለ። ይህን የሚያስፈጽምልሽ ሰው ደግሞ የምትሽሪው ሰው አይሁን!

ከዚያ ወረቀቱን መልሰሽ ተቀበይ። ዋናውን። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው። ሰነዱ በሰውየው ኪስ ውስጥ ካለ፣ መሻሩን ያልሰማ ሰው አሁንም ወኪልሽ ነው ብሎ ያምነዋል። መሻሩን ለሚመለከታቸው ሳታሳውቂ፣ ሰነዱንም ሳታስመልሺ ቀርተሽ በቅን ልቦና የተዋዋለ ሰው ቢጎዳ፣ ከወኪሉ ጋር አብረሽ ልትጠየቂ ትችያለሽ። ስለዚህ ለባንክሽ፣ ለተከራዩ፣ የይዞታ ማኅደርሽ ላለበት የክፍለ ከተማ ቢሮ የመሻሪያውን ቅጂ አድርሺ። ተቀብለናል የሚል ማኅተም ያለበት ኮፒ ያዢ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ አንቺ ባትጠይቂኝም። ሰው ሲሞት ውክልናው አብሮ ይሞታል። ሌላ ስምምነት ከሌለ በስተቀር፣ ወካዩ ካረፈ በኋላ ተወካዩ የሚፈርመው ነገር ሥልጣን የለውም። በእኛ አገር “እናታችን በሕይወት እያለች የሰጠችኝ ውክልና አለኝ” ተብሎ ከለቅሶው በኋላ ቤት ሲሸጥ ታይቷል። ያ ቤት የወራሾች ነው። በፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ሳይወጣ በዚያ ወረቀት የሚገዛ ሰው ችግር ገዛ።

ላንቺ ጉዳይ የሚበቃው ውክልና አምስት መስመር ነው። እንዲያከራይ፣ የኪራይ ውል እንዲፈርምና እንዲያስመዘግብ፣ ኪራይ ተቀብሎ በዚህ የሂሳብ ቁጥር እንዲያስገባ፣ የመብራትና የውኃ ጉዳይ እንዲያስፈጽም፣ አስፈላጊ ጥገና እንዲያሠራ። ጸሐፊው “ሌላም ልጨምርልሽ?” ቢልሽ “አይ፣ ይሄው ይበቃኛል” በይው። ሌላ ጉዳይ ሲመጣ ሌላ ወረቀት ይሠራል።