ልጁ ወደኋላ ከቀረ እናቱን «ቀርቷል» በሏት

«ልጅዎ ወደኋላ ቀርቷል አትበሉ። በራሱ ፍጥነት እየሄደ ነው፣ እየተሻሻለም ነው፣ አይጨነቁ በሉ።»

ለወላጅ ስብሰባ ተዘጋጁበት ተብሎ ሰሞኑን ለመምህራን ከታደለው ወረቀት ላይ የተወሰደ ነው፣ ብዙዎቻችሁ ፎቶውን አይታችሁታል። እኔ ሦስተኛ ክፍል ነው የማስተምረው፣ ወረቀቱን ሁለቴ አነበብኩት፣ ሁለተኛው ላይ ደሜ ፈላ።

ወረቀቱን የሚከላከሉት ሰዎች ያላቸው መልስ አንድ ነው፣ «ወላጅ እንዳይደነግጥ ነው» ይላሉ። የትኛው ወላጅ ነው እስካሁን ያልደነገጠው? ማታ ማታ ልጇ አንድ ገፅ ላይ ግማሽ ሰዓት ሲያፈጥ የምታይ፣ ከሥራ ፈቃድ ለምና ወንበር ስባ ፊታችን የተቀመጠች እናት እኮ ከደነገጠች ቆይታለች። እሷ የመጣችው የምታየውን ነገር እኛም ማየታችንን ልታረጋግጥ ነው። «አይጨነቁ» ስትባል የሚገባት ከሁለት አንዱ ነው፣ ወይ ይሄ መምህር ልጄን አያውቀውም፣ ወይ ያውቀዋል ግን ይደብቀኛል። በሁለቱም ተረጋግታ አትሄድም፣ ዝም ብላ ነው የምትሄደው፣ እኛ ደግሞ ዝምታዋን መረጋጋት ነው ብለን እንመዘግባለን።

ከሁሉ በላይ የሚያናድደኝ ግን «እየተሻሻለ ነው» የምትለዋ ቃል ናት። እውነት ስለሆነች ነው የምታናድደኝ። ትምህርት ቤት እየመጣ የማይሻሻል ልጅ የለም ማለት ይቻላል፣ ስለዚህ ይቺን ቃል ስለማንኛውም ልጅ መናገር ይቻላል፣ ስለ ጎበዙም ስለ ደከመውም። ቁጥር ላይ ስናስቀምጣት ግን ምን እንደምትደብቅ ይታያል።

አንድ ልጅ ነበረኝ። ሦስተኛ ክፍል፣ ተጫዋች፣ ጥያቄ የሚያበዛ፣ ንባብ ሲመጣ ግን አንገቱን የሚደፋ። ከስብሰባው በፊት አይቶት የማያውቀውን የክፍሉን ደረጃ የሆነ ፅሁፍ ሰጠሁትና ለ1 ደቂቃ ጮክ ብሎ አነበበልኝ፣ እኔ ኮፒው ላይ እርሳስ ይዤ እከተላለሁ። አሠራሩ ቀላል ነው። የተሳሳተውን ወይም የዘለለውን ቃል ታሰምርበታለህ፣ 3 ሰከንድ ቆሞ ካልወጣለት ቃሉን ነግረኸው እንደ ስህተት ትቆጥረዋለህ፣ ራሱ ካረመው ግን ስህተት አይደለም። ደቂቃው ሲያልቅ 34ኛው ቃል ላይ ደርሶ ነበር፣ 6 ስቷል፣ ስለዚህ በትክክል ያነበበው 28 ነው። ያንኑ ፅሁፍ ለክፍሉ ልጆች በሙሉ አንድ በአንድ አስነብቤ ነበር፣ ከትንሹ እስከ ትልቁ ስደረድራቸው መሀል ላይ ያለው ልጅ 60 ቃል አንብቧል። ልዩነቱ 32 ቃል ነው ማለት ነው። (በነገራችን ላይ ከሌላ ቋንቋ የተቀዳ የቃላት ሰንጠረዥ አምጥታችሁ እንዳትለኩበት፣ የኛ አንድ ቃል ሌላ ቋንቋ ውስጥ ሦስት አራት ቃል ይሆናል፣ ማነፃፀሪያው በዚያው ቋንቋ፣ በዚያው ፅሁፍ ያነበቡ የክፍሉ ልጆች ናቸው።)

አሁን «እየተሻሻለ ነው» የምትለዋን እዚህ ላይ አምጧት። የክፍሉ መሀለኛ ልጅ በሳምንት 1 ቃል ይጨምራል እንበል። ይሄኛውም ልጅ በሳምንት 1 ቃል ከጨመረ ተሻሽሏል፣ ማንም ሊክድ አይችልም፣ ከ16 ሳምንት በኋላ 44 ይደርሳል፣ ክፍሉ ግን 76 ላይ ነው። ልዩነቱ ያው 32። ልጁ ሳያቋርጥ እየተሻሻለ፣ መምህሩም ሳይዋሽ «እየተሻሻለ ነው» እያለ፣ ዓመቱ ሲያልቅ ልጁ የነበረበት ርቀት ላይ ነው። በሳምንት 2 ቃል ከጨመረ ክፍሉ ላይ የሚደርሰው ከ32 ሳምንት በኋላ ነው፣ ይሄ የትምህርት ዓመቱን ሙሉ ሊጨርስ ምንም አይቀረው። በ16 ሳምንት ይድረስ ካልን በየሳምንቱ 3 ቃል ያስፈልገዋል፣ የክፍሉን ሦስት እጥፍ። ለመድረስ ከሌሎቹ መፍጠን አለበት፣ ሌላ መንገድ የለም። «በራሱ ፍጥነት» የሚሉት እኮ ያንን ወደኋላ ያስቀረውን ፍጥነት ነው! እናትየው መስማት ያለባት ይሄንን ሂሳብ ነው፣ ወረቀቱ ደግሞ እንዳትሰማ የሚከለክላት ይሄንኑ ነው።

«ጊዜ ስጡት ይደርሳል» ለሚሉም፣ ኮኒ ጁል የምትባል ተመራማሪ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1988 ያወጣችው ጥናት አለ። 54 ልጆችን ከአንደኛ እስከ አራተኛ ክፍል ተከታትላ፣ በአንደኛ ክፍል መጨረሻ ደካማ አንባቢ የነበረ ልጅ በአራተኛ ክፍል መጨረሻም ደካማ ሆኖ የመገኘት እድሉ 0.88 ሆኖ አገኘችው። ልጆቹ 54 ብቻ ናቸው፣ እሺ፣ ጥቂት ናቸው። ግን መጠበቅ በራሱ ያዳነውን ልጅ አምጡልኝ ስል የሚያመጣልኝ የለም፣ የሚያመጡልኝ በኋላ የደረሰ የአጎታቸውን ልጅ ነው፣ ስጠይቃቸው እሱንም ማታ ማታ አጠገቡ ተቀምጦ ያስነበበው ሰው ነበረው።

ቁጥሩን ብቻ ነግሮ መሸኘት ግን እሱም ጭካኔ ነው። «ወደኋላ ቀርቷል» ካልክ በኋላ የቱ ጋ እንደቀረ መናገር አለብህ፣ እዚህ ላይ ደግሞ ወረቀቱ ጭራሽ ባዶ ነው። የልጁ አቬሬጅ ይነገር ይላል፣ አቬሬጅ ምን ይነግራታል? ላነበበው ፅሁፍ 5 ጥያቄ ጠየቅኩት፣ 1 መለሰ። ከዚያ በክብደት ተመሳሳይ የሆነ ሌላ ፅሁፍ እኔ አነበብኩለትና እንደገና 5 ጠየቅኩት፣ 4 መለሰ። ያንኑ ፅሁፍ ደግመህ ብታነብለት በማስታወስ ነው የሚመልሰው፣ ስለዚህ ሌላ መሆን አለበት። ይሄ 10 ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ትልቁን ጥያቄ ፈታው። ልጁ ሲነገረው ይገባዋል፣ የተያዘው ቃሉን ከገፁ ላይ ማንሳቱ ላይ ነው። በተቃራኒው ጥርት አድርጎ እያነበበ፣ ሲነበብለትም ሲያነብም የማይመልስ ልጅ ሌላ ልጅ ነው፣ እሱ የሚፈልገው የቃላት እውቀትና ወሬ ነው፣ ፊደል አይደለም። ሁለቱን ልጆች ሪፖርት ካርድ ላይ ብታያቸው አንድ ዓይነት ናቸው፣ ሁለቱም ያው «ንባብ 45»።

እንዴት እንደሚሳሳትም ተመልከቱ። «መስኮት» የሚለውን «መስታወት» ብሎ ነበር ያነበበው። መጀመሪያውን አይቶ ቀሪውን ይገምታል፣ ከስድስቱ ስህተት አራቱ እንደዚህ ናቸው። ትኩረት ያንሰዋል፣ ሰነፍ ነው ሲባል የከረመ ልጅ እኮ ነው፣ ቃሉን እስከ መጨረሻው ማንበብ ስለሚከብደው ነው የሚገምተው።

እናትየው ስትመጣ መጀመሪያ እኔ አልተናገርኩም፣ «እቤት ምን ያያሉ?» አልኳት። «ቲቸር፣ እኔ ሳነብለት ሁሉንም ይነግረኛል፣ ራሱ አንብብ ስለው ያለቅሳል» አለችኝ። እኔ በሁለት ፅሁፍና በ10 ጥያቄ ያገኘሁትን በአንድ አረፍተ ነገር ጨረሰችው። ከዚያ ያሰመርኩበትን ወረቀት ፊቷ ላይ ዘረጋሁት፣ መስኮትና መስታወትን በጣቴ አሳየኋት፣ 28 እና 60 አልኳት፣ «ወደኋላ ቀርቷል፣ የቀረው እዚህ ጋ ነው» አልኳት። አልጮኸችም፣ አልወደቀችም። ወረቀቱን ወደ ራሷ ስባ «ታዲያ ምን እናድርግ?» ነው ያለችው።

ለዚች ጥያቄ መልስ ሳትይዝ አትቀመጥ። «እቤት አስጠኑት» መልስ አይደለም፣ ሥራህን ወደ እሷ ጫንቃ ማሸጋገር ነው። እኛ የተስማማነው፣ በትምህርት ቤት በሳምንት 4 ቀን 20 ደቂቃ ከሌሎች 5 ልጆች ጋር በግሩፕ ቃላትን ከፋፍሎ እስከ መጨረሻው ማንበብ፣ እቤት ደግሞ በቀን 10 ደቂቃ አንድ አጭር ፅሁፍ ሦስት አራቴ ደጋግሞ ማንበብ፣ ሲሳሳት «እስከ መጨረሻው እየው» ማለት፣ ካልወጣለት ነግሮት ማለፍ። ዓይኑና ጆሮው በዚያው ሳምንት እንዲታይ። በየሳምንቱ አርብ በአዲስ ፅሁፍ የ1 ደቂቃ ልኬት። እና ከ6 ሳምንት በኋላ የምንገናኝበት ቀን፣ እዚያው ተፅፎ፣ ሁለታችንም ፈርመንበት።

6 ሳምንቱ ሲያልቅ 37 ደርሶ ነበር። 9 ቃል ጨምሯል፣ ክፍሉ 6 ጨምሮ 66 ሆኗል፣ ልዩነቱ ከ32 ወደ 29 ወረደ። በወረቀቱ ቋንቋ ይሄ የሚጨበጨብለት ነው፣ «በጣም እየተሻሻለ ነው»። ሂሳቡን ስትሠራው ግን ልዩነቱ በሳምንት የሚቀንሰው ግማሽ ቃል ነው፣ በዚህ አካሄድ ገና 58 ሳምንት ይቀረዋል። ለእናትየው ልክ እንደዚሁ ነገርኳት፣ ፕላኑ አቅጣጫው ልክ ነው ግን አቅሙ አልበቃም፣ ጥፋቱም የልጁ አይደለም አልኳት። ግሩፑን ከ6 ልጅ ወደ 3 አወረድነው፣ ቀኑን ወደ 5 አሳደግነው፣ ቀጣዩን ቀን ከ4 ሳምንት በኋላ አደረግነው፣ ያኔም ካልፈጠነ ልዩ ፍላጎት ባለሙያ እንዲያየው ማመልከቻውን እዚያው ሞላን። ስትወጣ የአርብ አርቡን ልኬት ኮፒ ጠየቀችኝ፣ ስድስቱንም ሰጠኋት።