በሁለት ታክሲ መሀል የቆመው ተመራቂ

«ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ ከምትቀልዱ፣ ሥራ ብትፈልጉ አይሻልም?» ይላል፣ በሥራ አጥ ተመራቂዎች ቀልድ ሥር አንድ አባት የጻፉት አስተያየት።

ጋሼ፣ በእኛ ባች የቴሌግራም ግሩፕ ቀልዱን የሚሠሩት ከሁሉም በላይ የሚያመለክቱት ልጆች ናቸው። የሥራ ማስታወቂያን እስከ መጨረሻው መስመር ያላነበበ ሰው እንዲህ ያለ ቀልድ መሥራት አይችልም። አንዱን ላሳይዎት።

ሥዕሉ ላይ ሁለት ሰማያዊ ሚኒባሶች ቆመዋል። አንዱ መስታወት ላይ «0 ዓመት»፣ ሌላው ላይ «2 ዓመት» ይላል። መሀላቸው ጋውን የለበሰ ልጅ ፋይሉን አቅፎ ቆሟል። የመጀመሪያው ወያላ «ያንተ አልፏል» ይለዋል፣ ሁለተኛው «ያንተ ገና ነው»። በቃ ይኸው ነው። እኛ ግሩፕ ውስጥ ግን ያን ቀን ያልሳቀ አልነበረም።

ምክንያቱም እውነት ነው። ልምድ የማይጠይቀው፣ «0 ዓመት» የሚባለው ማስታወቂያ፣ ብዙ ጊዜ ከሥሩ ሌላ መስመር አለው፤ የምረቃ ዘመን። በ2016 የወጣ ከሆነ «የ2015 ወይም የ2016 ተመራቂ» ይላል። በ2013 በአካውንቲንግ የተመረቀ ጓደኛዬን እንውሰድ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት በ0 ዓመት አመለከተ። አንዳንዱ ነጥቡ አላደረሰለትም፣ አንዳንዱ ጽሑፍ ፈተና ጠርቶት አዳራሽ ሙሉ ሰው ለጥቂት ቦታ ተፈተነ። ሦስተኛው ዓመት ላይ የምረቃ ዘመኑ ከማስታወቂያው ወጣ። ልምድ ወደሚጠይቀው ማስታወቂያ ሲሄድ ደግሞ ዝቅተኛው መስፈርት ብዙ ጊዜ 2 ዓመት ነው። ይህ ልጅ አራት ኪሎ መንገድ ዳር ጋዜጣ እየተከራየ፣ ረቡዕና እሑድ ሪፖርተር በወጣ ቁጥር ማስታወቂያውን በደብተር እየገለበጠ ሦስት ዓመት ፈልጓል። በማስታወቂያዎቹ ዓይን ግን አዲስ ተመራቂም አይደለም፣ ባለ ልምድም አይደለም። ይህን ነገር አንድም መሥሪያ ቤት በግልጽ ነግሮት አያውቅም፤ የነገረው ያ ሥዕል ነው።

ምሬቱ ሳቅ የሚሆነው እዚህ ጋ ይመስለኛል። ልጁ ቤት ገብቶ «አልቀጠሩኝም» ሲል የሚሰማው «አልቻልኩም» ተብሎ ነው። እናቱ የምረቃ ፎቶውን ሳሎን ሰቅላለች፤ ጎረቤት ቡና በጠጣ ቁጥር «ልጅሽ የት ገባ?» ይላታል። እሱ ደግሞ ጓዳ ሆኖ ይሰማል። ብቻውን ሲሆን ጥፋቱ የእሱ ነው። ሥዕሉን አይቶ ሌሎች ሰማንያ ልጆችም በዚያው መስመር እንደተጣሉ ሲያውቅ ጥፋቱ ከእሱ ላይ ተነሥቶ ማስታወቂያው ላይ ያርፋል። ያን ጊዜ የሚመጣው ሳቅ ትንፋሽ ነው። ጥርስ ባዳ ነው ይባላል፤ ልብ እያዘነ ይስቃል። በዚህ ሳቅ ውስጥ ግን ልብም ትንሽ ያርፋል።

ቀልዱ የማን እንደሆነ ማየትም ያስፈልጋል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ዲግሪ የያዙ ልጆች ኮብልስቶን ማንጠፍ ሲጀምሩ ስለ እነሱ የሚቀልደው ሌላው ሰው ነበር። ድንጋዩን ጠርቦ ቤተሰቡን ለረዳ ልጅ ያ ስድብ ነበር፣ ዛሬም ስሰማው ያመኛል። አሁን ሥዕሉን የሚሠሩት፣ የሚለጥፉት፣ «እኔም» ብለው የሚመልሱት ተመራቂዎቹ ራሳቸው ናቸው። ሰው ስለ ራሱ ሲናገርና ሰው ሲናገርበት አንድ አይደለም።

ሳቁ የማይደርስበት ቦታም አለ። ቀልድ ስለ ማስታወቂያ፣ ስለ ወጪ መጋራት ዕዳ፣ ዕዳው እስኪከፈል ስለሚያዘው ዋናው ዲግሪ መናገር ይችላል። ስለ አንዱ ልጅ ለብቻው ግን መናገር አይችልም፤ ሁሉም በአንድ ላይ ስለሚስቅ ማን እየሰመጠ እንደሆነ አይለይም። እኔ መለየት የጀመርኩት በአንድ ነገር ነው። ደህና የሆነ ልጅ ቀልዱ ስለ መሥሪያ ቤቱ፣ ስለ ፈተናው፣ ስለ ወረፋው ነው። የደከመው ልጅ ቀልድ ግን መሥሪያ ቤቱን ይተውና ስለ ራሱ ብቻ ይሆናል።

በግሩፓችን ብዙውን ሥዕል የሚሠራው ያው የአካውንቲንጉ ልጅ ነበር። አንድ ሌሊት ሥዕል የሌለው አንድ መስመር ጻፈ፦ «እማዬን ፎቶዬን ከግድግዳ አውርጂልኝ ብላት እምቢ አለችኝ።» ከሥሩ የሳቅ ምልክት ተደረደረ። እኔም አንዱን አስቀምጬ ተኛሁ። ጠዋት መልሼ ሳነበው ቀልድ አልነበረውም፤ ደወልኩለት። ስልኩን ያነሣችው እናቱ ነበረች፤ «ተኝቷል ልጄ፣ ሰሞኑን እንቅልፍ አብዝቷል» አለችኝ። ታክሲ ይዤ ሄድኩ።