ሰኞን በማመልከቻ የማጥፋት ጥበብ

የደብረ ብርሃን ሰው የሚታወቀው ብርድ በመቻሉ ነው ይባላል። ይሄ ስም ማጥፋት ነው። እኛ ከዚያ የሚበልጥ ሙያ አለን፤ ሰኞን እናጠፋለን። ያውም በሕግ፣ በፊርማ፣ በማኅተም።

ዘንድሮ፣ በ2018 ዓ.ም.፣ ሚያዝያ 23 ዓርብ ላይ ነው። የሠራተኞች ቀን ነው፣ በዚያ ላይ ዓመታዊው ጊዮርጊስ። ሚያዝያ 27 የአርበኞች ቀን ደግሞ ማክሰኞ ላይ አረፈ። በመሃላቸው ቅዳሜና እሁድ፣ ከዚያ አንዲት ሰኞ። ወላጅ የሌላት፣ በሁለት በዓል መሃል የተሰነቀረች ሰኞ። እሷን ብቻዋን ሜዳ ላይ መተው ከኛ ከሸዋ ሰዎች አይጠበቅም፣ ስለዚህ ባልደረቦቼ ከየካቲት ጀምረው ሊያሳድጓት ተሰልፈዋል።

ከሁሉም የማደንቀው ጠረጴዛው ከኔ ፊት ለፊት ያለውን ልጅ ነው። 9 ዓመት አገልግሏል። በአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ የዓመት ፈቃድ መነሻው 16 የሥራ ቀን ነው፣ ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ በየ2 ዓመቱ 1 ቀን ይጨመራል፣ ስለዚህ የሱ 20 ደርሷል። ይህን ቁጥር ከልደቱ ቀን በላይ ያውቀዋል። የሥራ ሪፖርቱን ቁጥር ግን ሁሌ እኔን ነው የሚጠይቀኝ።

የጥበቡ ሥር ያለው «የሥራ ቀን» የምትለው ቃል ውስጥ ነው። ፈቃዱ የሚቆጠረው በሥራ ቀን ስለሆነ በመሃል የገባ በዓል ከፈቃድህ ላይ አይቀነስም። ጀማሪው ይህን አያውቅም። «ከሚያዝያ 23 እስከ 27 ፈቃድ ይሰጠኝ» ብሎ ይጽፋል፤ የፈቃድ መዝገቡን የሚሞላው ሰው ቸኩሎ ከሆነ 5 ብሎ ይቀንስበታል፣ ከዚያ በኋላ ማስመለስ ሌላ ማመልከቻ ነው። የኔ ጀግና ግን እንዲህ ጻፈ፦ «ሚያዝያ 24 እና 26፣ በድምሩ 2 የሥራ ቀን»። ሁለት ቀን ሰጥቶ አምስት ቀን ይተኛል። ይህን ያህል ትርፍ በአረቄ ንግድም አይገኝም።

24ቷ ከየት መጣች ትሉ ይሆናል። እኛ ጋ ቅዳሜ እስከ 6 ሰዓት ይሠራል። ብዙ ሰው ሰኞዋን ሲያሳድድ ቅዳሜዋን ይረሳል። ከዚህ በፊት አንዱ ረስቷት፣ ፈቃዱን ኪሱ ይዞ ጣርማበርን ካለፈ በኋላ ቀሪ ተብሎ ተመዘገበ። እስከዛሬ ቅዳሜ ሲባል ይደነግጣል።

ድፍረት ያላቸው ደግሞ ማክሰኞ ላይ አያቆሙም። ረቡዕ 28 አማኑኤል ነው፣ ሐሙስ 29 ባለ ወልድ፣ ዓርብ 30 ማርቆስ፣ ቅዳሜ ግንቦት ልደታ። አራት የሥራ ቀን ብትጨምር እስከ ግንቦት 2 ድረስ 10 ቀን ሙሉ ቢሮ አትረግጥም። በነገራችን ላይ ይህን የሚያደርገው ሰው በሌላው ወር አማኑኤልን ሲያከብር አይቼው አላውቅም። የአርበኞች ቀንንም ቢሆን ከልቡ ነው የሚያከብረው። ራስ አበበ አረጋይ አምስት ዓመት በሸዋ ተራራ ሲዋጉ ሰኞን ከማክሰኞ ጋር ለማያያዝ ጊዜ አላገኙም፣ እሱ ይኸው ስለሳቸው ያካክሳል።

አሁን ወደ ሥነ ጽሑፉ ልምጣ። ሕጉ የዓመት ፈቃድ ለመውሰድ ምክንያት ጻፍ አይልም። ሠራተኛው የደከመበት መብቱ ነው። አሠሪው ፕሮግራም ሲያወጣ የሚያየው ሥራው እንዳይቆም ነው፣ የሠራተኛውንም ፍላጎት በተቻለ መጠን ያያል፤ የአክስትህን ጤና አይመረምርም። ግን ምክንያት የሌለው ማመልከቻ ለኛ እንደ ጨው አልባ ወጥ ነው። ስለዚህ ልጁ እንዲህ አሳመረው፦

«ጉዳዩ፦ የዓመት ፈቃድ ስለመጠየቅ። ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደሞከርኩት፣ በመንዝ የሚገኘው የአክስቴ ልጅ ሰርግ በማይታለፍ ማኅበራዊ ግዴታ የተነሳ የኔን መገኘት የግድ ስለሚል፣ እንዲሁም የበልግ ገብስ አጨዳ ከቤተሰብ ጋር ስለተገጣጠመብኝ፣ ፈቃዱ እንዲሰጠኝ ስል በታላቅ ትህትና እጠይቃለሁ።»

ሰርጉ ጥሩ ነበር። ፋሲካ ሚያዝያ 4 ስለሆነ ጾሙ ወጥቷል፣ ሸዋ በሙሉ ድንኳን ውስጥ ነው፣ ማን ይጠራጠራል? ያጠፋው ገብሱ ነው። የሰው ኃይሏ እትዬ የዚያው የመንዝ፣ የመሃል ሜዳ ልጅ ናቸው። መነጽራቸውን ዝቅ አደረጉ።

«አንተ ልጅ፣ የበልግ ገብስ በሚያዝያ ይታጨዳል?»

«እ... ዘንድሮ ቶሎ ደርሶ ነው እትዬ።»

«የኛ ቤት ገና ቅጠል ነው። ሰኔን ሳያይ ማን ያጭዳል? ደግሞ ይቺ አክስትህ ስንት ልጅ ነው ያላት? ፋይልህ ውስጥ ብቻ ሦስት ድራለች።»

እዚህ ላይ ምክንያት የማብዛት ጣጣው ታየ። ሁለት ቀን ብቻ ቢጽፍ የሚጠየቀው ነገር አልነበረም። ገብስ ሲጨምር እትዬን የገብስ ዳኛ አደረጋቸው። እሳቸውም ዳኙ፣ ወረቀቱም ተመለሰ።

አንድ ሰዓት ሳይሞላ አስተካክሎ መጣ። ገብሱ ወጣ። በምትኩ የሚያሳምን አንድ መስመር ገባ፣ በርግጥም የማመልከቻው ብቸኛ ቁም ነገር እሱ ነው፦ «በሌለሁበት ሥራዬን የሚሸፍንልኝ የመጋዘን ሠራተኛው ነው፣ ተስማምተናል።» እትዬ ይቺን ሲያዩ ፈረሙ። እውነትም አለቃን የሚያሳምነው ሰርግ አይደለም፣ ጠረጴዛው ባዶ እንደማይሆን ማወቁ ነው።

ችግሩ የመጋዘን ሠራተኛውም ማመልከቻ አስገብቷል። በሱ ላይ የተጻፈው «ሥራዬን የምትሸፍንልኝ ገንዘብ ያዧ ናት» የሚል ነው። ገንዘብ ያዧስ? እሷ ደግሞ የወከለችው ከኔ ፊት ለፊት ያለውን ልጅ ነው። ሦስቱም በተለያየ ቀን ነው ያስገቡት፣ ሦስቱም ተፈርሞላቸዋል፣ ሦስቱንም ወረቀት አንድ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ያየ የለም። እኔ አይቻለሁ። ለምን አልተናገርክም እንዳትሉኝ። እኔም ሰኞን ጠይቄያለሁ፣ ተወካዬም የመጋዘን ሠራተኛው ነው።

ሥራችን ማዳበሪያና ምርጥ ዘር መሸጥ ነው። ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ገበሬው ለክረምት የሚያስፈልገውን ለመያዝ ይመጣል። ሰኞ 26 አንዱ ከአንጎለላ በኩል አህያ ይዞ በማለዳ ይደርሳል፣ በሩ ላይ ዘበኛችን ጋሼ ጋቢያቸውን ተከናንበው ፀሐይ ይሞቃሉ። እንዴት እንደሚያወሩ ከወዲሁ ይታየኛል።

«ቢሮው ዝግ ነው እንዴ አባቴ?»

«ኧረ ክፍት ነው። ዛሬ እኮ በዓል አይደለም።»

«ታዲያ ሰዎቹስ?»

«ፈቃድ ናቸው።»

«ተወካይ አልተዉም?»

«እንዴታ! ተወካይማ አለ። እሱም ወክሎ ሄደ እንጂ።»