«ሙሉ ኢንሹራንስ» ባትሪው ላይ ሲደርስ ሙሉ አይደለም

«የኤሌክትሪክ መኪናዬ ሙሉ ኢንሹራንስ አለው። ባትሪው ቢቃጠል፣ ውሃ ቢገባበት ወይም አቅሙ እየቀነሰ ቢሄድ ይከፍሉኛል? ግድግዳ ላይ ያስተከልኩት ቻርጀርስ?»

ለቃጠሎ አብዛኛውን ጊዜ ይከፈላል፣ ለውሃ እንደ አገባቡ ነው፣ ለአቅም መቀነስ አይከፈልም፤ ቻርጀሩ ደግሞ በመኪናው ውል ውስጥ ጭራሽ ላይኖር ይችላል። ኢንሹራንስ የሚከፍለው የተበላሸውን ዕቃ ሳይሆን ያበላሸውን ምክንያት አይቶ ነው። ስለዚህ አንዱ ባትሪ እንደ ጉዳቱ መንስኤ አንዴ ካሳ ያስገኛል፣ አንዴ ባዶ እጅ ያስቀራል።

በተለመደው የሙሉ ዋስትና ውል ውስጥ ከሚሸፈኑት አደጋዎች መካከል ቃጠሎ፣ መብረቅና «በራስ መቀጣጠል» አሉ። ጥቂት መስመሮች ዝቅ ብሎ ደግሞ የማይሸፈኑት ይዘረዘራሉ፦ እርጅና፣ የዋጋ መቀነስ፣ የሜካኒክና የኤሌክትሪክ ብልሽት። ይህ አነጋገር የተጻፈው ለነዳጅ መኪና ነው። ባትሪው ውስጥ ያለች አንዲት ሴል በውስጧ ሾርት አድርጋ መኪናው ቢነድ «በራስ መቀጣጠል» ነውና ይከፈላል። ያችው ሴል ሳትነድ ሞታ መኪናው ከግቢ አልወጣ ቢል ግን «የኤሌክትሪክ ብልሽት» ይባላል፣ ኪሳራውም የባለቤቱ ነው። መንግሥት በ2024 መጀመሪያ ኤሌክትሪክ ያልሆነ መኪና እንዳይገባ ከወሰነ በኋላ አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ሰው የሚነዳው በዚህ አሮጌ ውል ነው። ኩባንያዎቹ ባትሪውን በስሙ የሚጠራ አንድ አንቀጽ ሳይጨምሩ አረቦን መሰብሰባቸው ተገቢ አይመስለንም።

ቤት ውስጥ ከሚደርሰው ቃጠሎ በብዛት መጠርጠር ያለበት ከባትሪው ይልቅ የኤሌክትሪክ መስመሩ ነው። 7 ኪሎዋት የሚባለው የግድግዳ ቻርጀር 32 አምፒር ይስባል፣ ያውም ሌሊቱን ሙሉ። ምጣድ ብዙ ኃይል ቢበላም ጋግረው ይነቅሉታል፤ መኪናው ግን ለስምንትና ለዘጠኝ ሰዓት ያህል አይነቀልም። አንዲት በደንብ ያልጠበቀች ብሎን 0.1 ኦም ብቻ ብትቃወም 32 አምፒር ሲያልፍባት 100 ዋት ያህል ሙቀት ታወጣለች። የድሮ አምፖል ሙቀት በአንዲት ብሎን ራስ ላይ ማለት ነው። በ10 አምፒር ቢሆን ያው ብሎን 10 ዋት ብቻ ነበር የምታወጣው። ምልክቱ አስቀድሞ ይታያል፦ ፕላስቲኩ ቡናማ ይሆናል፣ የተቃጠለ ይሸታል፣ ሶኬቱ እጅ ያቃጥላል፣ ቻርጁም ሌሊት ላይ እየተቋረጠ ያድራል። ለዚህ ቻርጀር ከቆጣሪው ሳጥን ተነስቶ ለብቻው የሚመጣ ቢያንስ 6 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ፣ የራሱ ብሬከር፣ ትክክለኛ የመሬት ሽቦና በ30 ሚሊ አምፒር የሚቆርጥ የሊኬጅ መከላከያ ያስፈልገዋል። ቆጣሪው ራሱ ጭነቱን መሸከም መቻሉም አስቀድሞ መታየት አለበት። ከኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ በመስኮት የሚወርደው ኤክስቴንሽን ከነዚህ አንዱንም አያሟላም።

ቻርጀሩ ግድግዳ ላይ ከተተከለ የቤቱ አካል ነውና የሚፈለገው በመኪናው ውል ሳይሆን በቤቱ የእሳት ዋስትና ላይ ነው። እዚያም ሁለት ወጥመድ አለ። አንደኛው ካልተመዘገበ እንደሌለ ሊቆጠር መቻሉ ነው። ሁለተኛው የእሳት ውል በተለምዶ የሚይዘው የኤሌክትሪክ አንቀጽ ነው፦ በራሱ ሾርት ወይም ከልክ በላይ በመሞቅ የተቃጠለው መሣሪያ ራሱ አይከፈልም፣ ከእሱ ተነስቶ የተዛመተው እሳት ያቃጠለው ግን ይከፈላል። ስለዚህ እሳቱ ከቻርጀሩ ቢነሳ ግድግዳውና ጣሪያው ከቤቱ ውል፣ መኪናው ከመኪናው ውል ይካሳሉ፤ ቻርጀሩ ከሁለቱም ይቀራል። ገምጋሚው መጀመሪያ የሚጠይቀው ማን እንደዘረጋው ነው። ፈቃድ ያለው ባለሙያ የፈረመበት ደረሰኝና የሽቦውን ውፍረት የሚያሳይ ፎቶ ከብዙ ንትርክ ያድናሉ።

ወደ ውሃ ስንመጣ፣ ብዙ ሰው ባትሪው «አይፒ 67» ነው ተብሎ ይረጋጋል። ይህ ቁጥር የሚናገረው አንድ ሜትር ውሃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ መቆየት እንደሚችል ነው። በከፍተኛ ግፊት የሚረጭ ውሃን አይመለከትም፤ ለዚያ ሌላ ፈተና አለ። ስለዚህ ላቫጆ ላይ ከሥር የሚተኮሰው ውሃ ማያያዣዎቹ ላይ ማረፍ የለበትም። ቁጥሩ የሚሠራው ባትሪው ገና ከፋብሪካ እንደወጣ ሆኖ ሲቆይም ነው። በድንጋይ ወይም በፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ሆዱ የተመታ ባትሪ ሽፋኑ ይጎብጣል፣ ጎማ ማሸጊያው ይላቀቃል፣ ከወራት በኋላ ክረምት ሲገባ ውሃ ያስገባል። ገምጋሚው ያኔ የሚያየው ዝገት ነው፤ ዝገት ደግሞ «ቀስ በቀስ የደረሰ» ተብሎ ውድቅ ይደረጋል። ምቱ በደረሰ ቀን ፎቶ ተነስቶ ቢመዘገብ ግን ግጭት ነው፣ ይሸፈናል። የጎርፍ ነገር ደግሞ እንደየውሉ ይለያያል፤ አንዳንዱ የተፈጥሮ አደጋን ለይቶ ያስቀረውና በተጨማሪ አረቦን ብቻ ያስገባዋል።

ጎርፍ የዋጠውን መኪና ማስነሳት ወይም ቻርጅ ማድረግ አይገባም። ባትሪው ከቀናት በኋላም ሊቀጣጠል ስለሚችል መኪናው ከቤትና ከሌላ መኪና 15 ሜትር ያህል ርቆ ይቁም፤ ወደ ጋራዥም በጭነት ተሽከርካሪ ይወሰድ። በ2022 ፍሎሪዳን የመታው አውሎ ነፋስ ካለፈ በኋላ የጨው ውሃ የነካቸው መኪኖች የነደዱት እንዲሁ ዘግይተው ነው። «ይሠራ እንደሁ ልየው» ብሎ ቁልፍ ማዞር ኩባንያው «ጉዳቱን ራሱ አባባሰ» እንዲል በር ይከፍታል።

የአቅም መቀነስ የአምራቹ ጉዳይ ነው። የተለመደው የአምራች ዋስትና 8 ዓመት ወይም 160,000 ኪሎ ሜትር ሆኖ አቅሙ ከ70 በመቶ በታች ከወረደ ይጠግናል ወይም ይተካል። ችግሩ ለቻይና ገበያ ተሠርቶ በአስመጪ የገባ መኪና ይህ ወረቀት እዚህ ላይሠራለት መቻሉ ነው። ብዙዎች ይህን ክፍተት ኢንሹራንስ ይሞላዋል ብለው ያስባሉ፤ አይሞላውም። ያም ሆኖ የባትሪው ጤና፣ ማለትም አዲስ ሳለ ከነበረው አቅም ዛሬ የቀረው መቶኛ፣ በካሳው ስሌት ውስጥ ይገባል፣ ሰው ልብ የማይለውም እዚህ ላይ ነው።

ለስሌት እንዲመች መኪናው ዛሬ ገበያ ላይ 4 ሚሊዮን ብር ያወጣል፣ ውሉ ላይ የተጻፈው ግን 3 ሚሊዮን ነው እንበል። ብር ሐምሌ 2024 ላይ በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ እንዲህ ያለ ልዩነት እንግዳ አይደለም። ባትሪው ሆዱን ተመትቶ ተበላሸ፣ አዲሱ 1.2 ሚሊዮን ብር ነው። ኩባንያው በመጀመሪያ «ያረጀ በአዲስ ተተካ» ብሎ የባትሪውን ጤና ይጠይቃል። 80 በመቶ ከሆነና ያንኑ መጠን ብቻ ከተቀበለ 960,000 ይቀራል። ከዚያ መኪናው የተመዘገበው በዋጋው ሦስት አራተኛ ስለሆነ ካሳውም ሦስት አራተኛ፣ 720,000 ይሆናል። ከዚህ ላይ ደግሞ በውሉ መሠረት ባለቤቱ ራሱ የሚሸከመው ድርሻ ይቀነሳል። ቢያንስ 480,000 ብር ከኪስ ወጣ።

የመጀመሪያው ቅናሽ ለክርክር ክፍት ነው፤ ጤናው በመሣሪያ ተነብቦ በወረቀት ካልተያዘ ግን ገምጋሚው መኪናው በተሠራበት ዓመት ገምቶ የፈለገውን ይጽፋል። ሁለተኛውን ለማስቀረት ውሉ ሲታደስ የመኪናውን ዋጋ በወቅቱ ገበያ ማስተካከል በቂ ነው። በዚያው ቀን የባትሪውን ጤና አስነብቦ ወረቀቱን ከውሉ ጋር ማያያዝ፣ ኩባንያውንም ሦስት ነገር በጽሑፍ እንዲመልስ መጠየቅ ያስፈልጋል፦ ሳይነድ የሞተ ባትሪ ይሸፈናል ወይ፣ ጎርፍ ገብቷል ወይ፣ ባትሪ ሲተካ የእርጅና ቅናሹ በምን ይሰላል። የቃል መልስ የሰጠው ሠራተኛ ካሳ በሚጠየቅበት ቀን ሌላ ቅርንጫፍ ተዛውሮ ሊሆን ይችላል።