ፍራንክፈርት ላይ ቤት ያደራጀው የጎንደር ኮሚቴ

ጎንደር ውስጥ ቤት የሚደራጀው ለእንግዳ ነው። ሳሎን ውስጥ ሶፋ አለ። ሶፋው ላይ ዳንቴል አለ። ዳንቴሉ ላይ ልጅ እንዳይቀመጥ የምትቆጣ እናት አለች። ቡፌው ውስጥ የተደረደሩት ብርጭቆዎች ውሃ የሚነካቸው ጥምቀት ሲደርስ ለመታጠብ ብቻ ነው። ባለቤቶቹስ? ባለቤቶቹ ጓዳ ውስጥ፣ ጥጡ አንድ ጎን ተሰብስቦ ሌላው ጎን ጨርቅ ብቻ የቀረ ፍራሽ ላይ ይተኛሉ። ፍራሹን ማን ያየዋል?

የእህቴ ልጅ ለነርስነት ሥልጠና ጀርመን ሄዳለች። ከጋራ መኖሪያ ወጥታ ፍራንክፈርት ላይ የመጀመሪያዋን ቤት ስትከራይ፣ ይህንን የአደረጃጀት ጥበብ በቪዲዮ ልናስተላልፍላት ተሰበሰብን። ቡና ተፈላ። ኮሚቴው እህቴ፣ ጎረቤታችን እትዬ፣ አናጢው ጋሼ እና እኔ ነን። እኔ ስልክ ያዥ ነኝ። ድምፅ የለኝም።

ልጅቷ ስልኳን ቤቱ ውስጥ አዞረችው። ነጭ ግድግዳ። ነጭ ግድግዳ። አሁንም ነጭ ግድግዳ። ከጣሪያው ላይ ደግሞ አምፖል የሌላቸው የኤሌክትሪክ ገመዶች ተንጠልጥለዋል።

«ዕቃውን ሌባ ወሰደው?» አለች እትዬ።

ነገሩ ሌላ ነው። ጀርመን ውስጥ «ቤት ተከራየሁ» ማለት አብዛኛውን ጊዜ ግድግዳና ወለል ተከራየሁ ማለት ነው። መብራቱን የሚለቀው ተከራይ ይዞት ይሄዳል። ብዙ ቦታ ወጥ ቤቱንም ይዞት ይሄዳል። ዕቃ ማጠቢያው፣ ምድጃው፣ ቁም ሳጥኖቹ ሁሉ ተነቅለው ወደ አዲሱ ቤት ይጓዛሉ። እህቴ ይህን ስትሰማ ሲኒ የያዘ እጇ አየር ላይ ቀረ። «ወጥ ቤት እንዴት ይነቀላል? ቤት አይደለም እንዴ?»

ልጅቷ ዕድል ቀንቷት ነበር። የሚለቀው ሰው አዲሱ ቤቱ ወጥ ቤት ስላለው የድሮውን ሊሸጥላት ፈለገ። 600 ዩሮ ጠየቀ፣ 350 ላይ ተስማሙ። ያገለገለ ወጥ ቤት ከነበረበት ሳይነቀል መግዛት ዋናው ጥቅሙ ልኩ ነው። ለዚያው ግድግዳ ተቆርጦ የተሠራ ስለሆነ ተሸክሞ የሚያመጣው፣ ቧንቧ የሚቀጥለው ሰው አያስፈልግም። ሰውዬውም ነቅሎ ከመጣል ስለሚገላገል ዋጋ ለመቀነስ ልቡ ክፍት ነው።

ከዚህ በኋላ የቀራት ገንዘብ ትንሽ ነው። የቤት ማስያዣው እስከ ሦስት ወር ኪራይ ይደርሳል። ያውም የማሞቂያና የመሳሰለው ወጪ ሳይቆጠር። ሕጉ በሦስት ወር ከፋፍሎ መክፈል ስለሚፈቅድላት እሷም ከፋፈለች። ኮሚቴው ግን ገንዘቡን ሳይጠይቅ ውሳኔውን አሳለፈ። አዲስ ሶፋ፣ አዲስ ቡፌ፣ አዲስ ምንጣፍ። ለመኝታ «የሆነ ነገር አይጠፋም»።

የልጅቷ ዝርዝር ግልብጥ ያለ ነበር። አዲስ የምትገዛው ሦስት ነገር ብቻ። ፍራሽ፣ ትራስና የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ። ከሰውነት ጋር የሚያድረውና እሳት ሊያስነሳ የሚችለው አዲስ ይሁን፣ ሌላው ሁሉ ያገለገለ።

«ጀርመን ድረስ ሄዳ ልዋጭ?» አለች እትዬ። የለበሰችው ሹራብ ከቅዳሜ ገበያ የልባሽ ክምር የተመረጠ መሆኑን ማንም አላስታወሳትም። ድምፅ የለኝም ብያለሁ።

ያገለገለ ዕቃ እዚያ የሚሸጠው በስልክ ነው። ሰው ዕቃውን ፎቶ አንስቶ ዋጋ ይለጥፋል። ከዋጋው ጎን VB የሚል ካለ «መደራደር ይቻላል» ማለት ነው። በነጻ የሚሰጥም ሞልቷል። ተከራይ አብዛኛውን ጊዜ ቤት የሚለቀው በወር መጨረሻ ነውና የመጨረሻው ሳምንት የገዢ ሳምንት ነው። በአሥረኛው ቀን 80 ዩሮ የተባለ ጠረጴዛ በሃያ ስምንተኛው «ኑና ውሰዱልኝ» ይሆናል። አንድ ነገር ብቻ ጥብቅ ነው። ዕቃውን በዓይን ሳያዩ ገንዘብ አይላክም። «ሌላ ገዢ አለ፣ ቀብድ ቶሎ ላኪ» የሚል ሻጭ ብዙውን ጊዜ የሚሸጥ ዕቃ የለውም።

ልጅቷ ቁም ሳጥን አግኝታ ፎቶውን ላከች። 60 ዩሮ፣ ነጭ፣ ያማረ። ቁመቱ 236 ሳንቲ ሜትር። የቤቷ ጣሪያ 240።

«በአራት ሳንቲ ተረፈ!» አለች እህቴ።

ጋሼ እስከዚህ ድረስ ቡናውን እየጠጣ ዝም ብሎ ነበር። ሲኒውን አስቀመጠና «ጥልቀቱስ?» አለ። 58 ነው ተባለ። ሲባጎ አስመጣ። ወለሉ ላይ 236 በጠመኔ አሰመረ፣ ከጫፉ 58 በማዕዘን አወጣ፣ ሲባጎውን ከጥግ ጥግ ወጠረ። 243።

«ይህ ሳጥን ተኝቶ ከተገጠመ ዘላለሙን ተኝቶ ይኖራል» ሲል ፈረደ። ነገሩ እውነት ነው። ሳጥን ከወለል ሲነሳ ጣሪያውን የሚነካው በቁመቱ ሳይሆን በጥግ ለጥግ ልኩ ነው። ቆሞ የሚገጠም ዓይነት ካልሆነ ወይም የሚደግፍ ሁለተኛ ሰው ከሌለ አይሞከርም። ልጅቷ 201 ሳንቲ የሚረዝመውን አጭሩን ፈለገች። የእሱ ጥግ ለጥግ 209 ነው፣ በሰላም ይነሳል።

ጋሼ ግን ተከፈተ። ዕድሜውን ሙሉ ዋንዛ ሲልግ የኖረ ሰው ነው። ቺፑድ የሚባለውን ነገር ስሙን ሲሰማ ይቆጣል። «በሙጫ የተጋገረ ሰጋቱራ!» ይለዋል። ቢሆንም ስለ በሽታው አጥብቆ ያውቃል። ቺፑድ አንዴ ሲገጠም ጥሩ ነው። ተፈትቶ ሲገጠም ብሎኑ የገባበት ቀዳዳ ይሰፋል። ሁለት ሦስት ጊዜ የተፈታ ሳጥን ብሎኑ በጣት ይዞራል፣ አይነክስም። ስለዚህ ልጅቷ ሻጩ ቤት ስትደርስ መጀመሪያ እንድትጠይቅ የታዘዘችው ዋጋ ሳይሆን «ስንት ጊዜ ቤት ቀይራችኋል?» የሚል ነው። ቀጥላ ሳጥኑን ከጎኑ በትከሻ ገፋ ታደርገዋለች። ወደ ጎን ዘመም ካለ የጀርባው ስስ ሰሌዳ ተገንጥሏል ወይም የለም። ሳጥኑን ቀጥ አድርጎ የያዘው እሱ ነው። ውሃ ነክቶት እግሩ አካባቢ ያበጠ ከሆነም ትተወዋለች። ያበጠ ቺፑድ ወደ ልኩ አይመለስም።

እሷም አንድ ብልሃት ጨመረች። ሲፈታ እያንዳንዱን ደረጃ ፎቶ አነሳች። ብሎኖቹን በፌስታል አስራ በሩ ላይ በፕላስተር ለጠፈች። ጋሼ ይህን ሲያይ «አናጢ መሆን ነበረባት» አለ። ከእሱ አፍ ከዚህ በላይ ምስጋና ተሰምቶ አያውቅም።

ወደ አልጋው ስንመጣ እትዬ አጀንዳ አስያዘች። «የሞተ ሰው አልጋ ቢሆንስ?» ቡናው ዙሪያ ጸጥታ ሆነ። ልጅቷ የሚያስፈራት ግን ሙት ሳይሆን ሕያው ነበር። ትኋን።

ትኋንን እንደ ድህነት በሽታ የሚቆጥር ሰው አውሮፓን አያውቅም። ሻንጣ ይዞ የሚጓዝ ሰው ባለበት ሁሉ አለ። ደም ሳያገኝ ወራት መቆየት ስለሚችል «አልጋው መጋዘን ነበር፣ ማንም አልተኛበትም» የሚለው ማረጋገጫ ዋጋ የለውም። ስለዚህ ልጅቷ ያገለገለ ፍራሽ በነጻም አልፈልግም አለች። መንገድ ዳር የወጣ ሶፋም እንዲሁ። ስፌቱ ውስጥ ያለውን ማንም ፈትቶ አያየውም።

የአልጋው ማዕቀፍ ግን ሊታይ ይችላል። የብረት መረጠች፣ ስንጥቅ ስለማይበዛው። የስልኳን ባትሪ አብርታ ብረቱ የሚጋጠምበትን ማዕዘን፣ የብሎን ቀዳዳዎቹን፣ የርብራቡን ጣውላ ከሥር አየች። ስስ ካርድ ወደ ስንጥቁ አስገብታ ጎተተች። የምትፈልገው ራሱን ትኋኑን ብቻ አይደለም። እሱ ጠፍጣፋ ቡናማ ነው፣ ደም ሳይጠጣ ተልባ ያህላል፣ ብርሃን ሲያይ ይደበቃል። የማይደበቀው ምልክቱ ነው። እንደ ቀለም ነጠብጣብ ያሉ ጥቋቁር ነጥቦችና ገፎ የጣለው ስስ ቆዳ። ነጥቡ በእርጥብ ሶፍት ሲታሽ ቡናማ ሆኖ ከተዘረጋ ዋጋውን ሳይጨርሱ «አመሰግናለሁ» ብሎ መውጣት ነው። የእሷ አልጋ ንጹህ ወጣ። 40 ዩሮ። ርብራቡን ጠቅልላ በባቡር ወሰደችው። መጋረጃና የትራስ ልብስ ያገለገለ ስትገዛ ደግሞ ቤት ሳይገባ በ60 ዲግሪ ታጠበ።

አዲሱ ፍራሽ መጣ። ካርቶን ውስጥ፣ በፕላስቲክ ታፍኖ፣ ተጠቅልሎ። ለ180 ዩሮ!

«ይህ ምንጣፍ ነው» አለች እህቴ። «ፍራሹ የት አለ?»

ልጅቷ ፕላስቲኩን በጥንቃቄ ቀደደችው። ፍራሹ ተንፍሶ ማበጥ ጀመረ። ሙሉ ለሙሉ እስኪነሳ እስከ 72 ሰዓት ሊወስድ ይችላል ተባለ። እትዬ አማተበች። ኮሚቴው ማግስቱን «ምን ደረሰ?» እያለ ደወለ፣ ሊጥ የተቦካ ይመስል።

የቀረው የእንግዳ ጥያቄ ነበር። ሶፋ የለም፣ ቡፌ የለም፣ ሰው ቢመጣስ? ልጅቷ ልታስቀን ብላ አንድ ማስታወቂያ አሳየችን። ባለ መስታወት፣ በጌጥ የተቀረጸ፣ ግድግዳ የሚያህል የዋርካ መሳይ ከባድ እንጨት ቡፌ። ዋጋው፣ ነጻ። ከሁለት ወር በፊት የተለጠፈ።

ኮሚቴው በአንድ ድምፅ ተነሳ። ጋሼ መነጽሩን አደረገ። «ይህ እንጨት ነው» አለ በለሆሳስ።

ልጅቷ አስረዳች። እዚያ እንዲህ ያለ ቡፌ ማንም አይፈልገውም። ወጣቱ ቤቱ ትንሽ ነው፣ በየጊዜው ይለቃል። ቡፌው ያለው ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለም። አራት ሰውና የጭነት መኪና ኪራይ ከአልጋውና ከቁም ሳጥኑ ድምር ይበልጣል። ደግሞ ባለቤትየዋ አሮጊት ነበሩ፣ ሞተዋል፣ ልጆቻቸው ቤቱን ባዶ አድርጎ ማስረከብ ጨንቋቸው ነው።

ሁላችንም ወደ እትዬ ዞርን። የሞተ ሰው ዕቃ!

እትዬ ሲኒዋን አስቀመጠች። «ቡፌ ላይ ማን ይተኛል?» አለች። ከዚያ ስልኩን ከእጄ ተቀብላ ወደ አፏ አስጠጋችው። «ልጄ፣ እስከ ጅቡቲ ኮንቴይነር ስንት ይጠይቃል?»