የማይከፈት መርፌ ቁልፍ

ሰሞኑን አንድ ቡቲክ ውስጥ ጂንስ ሱሪ አየሁ። ጉልበቱ ተቀዷል። ቅዳዱ ላይ መርፌ ቁልፍ ተደርድሯል። ዋጋውን ስሰማ ሌላ ያልተቀደደ ሱሪ የሚመርቁልኝ መስሎኝ ነበር። "ምን ሆኖ ነው እንዲህ የተወደደው?" አልኩ። "ፓንክ ነዋ! ዲዛይኑ ነው" አለኝ ሻጩ፣ እያዘነልኝ። አንዱን መርፌ ቁልፍ ልከፍተው ብሞክር እምቢ አለ። ለካ በማስቲሽ ተጣብቋል!

መርፌ ቁልፍ እኮ የክፉ ቀን ዕቃ ነው። ቁልፍ ሲበጠስ፣ ዚፕ ሲከዳ ነው የሚፈለገው። ልጅ እያለሁ የሹራቤ ዚፕ ተበላሸና እናቴ በመርፌ ቁልፍ ያዘችልኝ። የትምህርት ቤታችን ዩኒት ሊደር ከሰልፍ አውጥቶ "ይሄ ምንድን ነው? ወላጅ አምጣ!" አለኝ። ወላጅ መጣች። መርፌ ቁልፉን የሰካችው ራሷ ወላጅ መሆኗ ሰውየውን አላሳፈረውም። እኔም እስከዛሬ ይቅር አላልኩትም። ድህነቴ አልነበረም ያስቆጣው፤ መታየቱ ነው። ብደብቀው ኖሮ ደህና ልጅ ነበርኩ።

ፓንክ የሚባለውን የአመፅ ሙዚቃና አለባበስ ያመጡት ልጆች የገባቸው ይሄ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ ኒውዮርክ ውስጥ ሪቻርድ ሄል የተባለ ሙዚቀኛ የተቀደደ ሸሚዝ ለብሶ መድረክ ይወጣ ነበር። ለንደን ላይ ደግሞ ልብስ ዲዛይነሯ ቪቪየን ዌስትዉድና ባልደረባዋ ማልኮም ማክላረን ኪንግስ ሮድ 430 ቁጥር ላይ የልብስ ሱቅ ነበራቸው። ወጣቱ ሥራ አጥቷል። ድህነቱን ደብቆ ሰው መምሰል ሲጠበቅበት፣ ደህናውን ሸሚዝ ቀዶ በመርፌ ቁልፍ ያያይዘው ጀመር። አንዳንዱማ ጆሮውና ጉንጩ ላይ ሰካው። በ1977 ንግሥት ኤልሳቤጥ 25ኛ የንግሥና ዓመታቸውን ሲያከብሩ፣ ጄሚ ሪድ የተባለ ሠዓሊ በፎቷቸው ከንፈር ላይ መርፌ ቁልፍ ሰክቶ ፖስተር ሠራ።

"ሲያዩት ያላማረ፣ ሲበሉት ያቅራል" የሚል ተረት አለን። በጣም ነው የምወደው፤ ሰርግ ቤት ገብቼ ወጡን ሳይ ሁሉ ትዝ ይለኛል። እነዚህ ልጆች ገና ሲታዩ ማቃር ነበር የፈለጉት።

ከሁሉ የሚያስቀኝ ግን ፓንኮቹ የሚለብሱት ያ ባለ ካሬው የስኮትላንድ ጨርቅ፣ ታርታኑ ነው። በ1746 የስኮትላንድ ደገኞች አመፅ ከተደመሰሰ በኋላ የብሪታንያ መንግሥት ታርታናቸውንና ሽርጣቸውን በሕግ ከለከለ። የለበሰ ወንድ ስድስት ወር ይታሰራል፤ ከደገመ ለሰባት ዓመት ባሕር ማዶ ይጋዛል። ለጨርቅ! ሕጉ የተሻረው በ1782 ነው። ከዚያ በ1822 ንጉሥ ጆርጅ አራተኛ ያንኑ ልብስ ለብሰው ኤዲንብራ ላይ ተንጎራደዱ። ያስጋዘው ጨርቅ የቤተ መንግሥት ሆነ፤ ቀዩ ታርታን እስከዛሬ የንጉሣውያኑ ነው ይባላል። እነ ዌስትዉድ ታዲያ ታርታኑን ሱሪ አድርገው ሰፉት። ሱሪው ከጉልበት ጉልበት የተዘረጋ ማሰሪያ አለው፤ ለባሹ እንደ ልቡ እንዳይራመድ። በንጉሥ ጨርቅ የታሰረ ሰው መንገድ ላይ ሲያዘግም ይታያችሁ። ስድቡን ለማንበብ ፊደል መቁጠር አያስፈልግም።

እውነት ለመናገር ያ ሱሪ ያኔም ውድ ነበር። አቅም ያነሰው ልጅ ከሰልባጅ ገዝቶ፣ ራሱ ቀዶ፣ ራሱ ሰፍቶ ነው የለበሰው። ሌዘር ጃኬቱም እንደዚያው ነው። ሹል ብረቱን አንድ በአንድ ይሰካዋል፤ ከውስጥ በኩል ጥርሱን በፒንሳ ያጥፈዋል። ጀርባው ላይ የሚጠላውን በቀለም ይጽፋል። ከዚያ ያንን ለብሶ አውቶቡስ ይሳፈራል። የሚሰደበው፣ የሚደበደበው እዚያ ነው። እኔ ተቃውሞ የምለው ይህን ዋጋ ነው። የቡቲኩን ሱሪ ለባሽ ማን ይሰድበዋል? "የት ገዛኸው?" ነው የሚሉት።

ደግሞ ፓንክ ሁሉ ሱቅ ገብቶ ቀረ እንዳንል የኢንዶኔዥያዋ ባንዳ አቼ አለች። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2011 ፖሊስ አንድ የፓንክ ኮንሰርት ላይ ደርሶ ከ60 በላይ ወጣቶችን አፈሰ። ክስ የለም። ፖሊስ ማሠልጠኛ ወስዶ መሃሉ ብቻ የቆመውን ጸጉራቸውን ላጨው፤ ሰንሰለታቸውንና ልብሳቸውን ቀማ። "ይንጹ" ተብለው ውኃ ውስጥ ገቡ። ዐሥር ቀን "ተሐድሶ" ተሰጥቷቸው ሲያበቃ ወደየቤታቸው ተላኩ። የኔ ዩኒት ሊደር እዚያ ቢቀጠር አለቃ ይሆን ነበር።