ቸስ ካለ ሞቋል

ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ አካባቢ በጠዋት ሳምቡሳ ገዝቶ የበላ ሰው የእኛን አገር ቸርነት ያውቀዋል። ዘይት እንዲህ በተወደደበት ዘመን የሦስት ሳምቡሳ ከፍለህ ግማሽ ስኒ ዘይት ምርቃት ይሰጥሃል። ምርቃቱ መጀመሪያ በጣትህ፣ ቀጥሎ በክርንህ፣ በመጨረሻ በሸሚዝህ ይወርዳል። የተጠቀለለበት የተማሪ ደብተር ወረቀት እንኳን ከመጥገቡ የተነሣ መስታወት ሆኗል። ሳትገለብጠው ጀርባው ይነበባል።

ይህን ሁሉ በረከት ያገኘነው ከአንድ ጥበብ ነው፤ እሱም ጣት ይባላል። ሻጯ ከጎኗ ካለው የውሃ ጆግ ጣቷን ነከር ታደርግና ብረት ድስቱ ላይ ረጨት ታደርጋለች። ዘይቱ «ቸስ!» ይላል። «ሞቋል» ትላለች። ዙሪያዋን የቆምነው ሁሉ ራሳችንን እንነቀንቃለን። በየቤታችንም የምናደርገው ይህንኑ ነው።

እንደዚህ ያለ የማይሳሳት መለኪያ አላየሁም። መቼም ቢጠይቁት «ሞቋል» ነው መልሱ። ምክንያቱም ቸስ የሚለው ዘይቱ ሳይሆን ውሃው ነው። ውሃ ደግሞ ለመፍላት ብዙ አያስለምንም። ባሕር ዳር ከተማ ላይ 94 ዲግሪ ገደማ ይበቃዋል። ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ስለሚል እዚህ 92 ሲደርስ ይፈላል። ዘይቱ 120 ዲግሪ ላይ ቢሆን ቸስ፤ 180 ላይ ቢሆን ቸስ፤ 200 ቢያልፍም ቸስ። ሳምቡሳ የሚፈልገው ከ170 እስከ 180 ያለውን ነው፤ ግን ሳምቡሳን ማን ጠየቀው?

ደግሞ ውሃ ከዘይት ስለሚከብድ ጠብታው ወደ ውስጥ ይሰምጣል፣ እዚያው በቅጽበት እንፋሎት ይሆናል፣ ዘይቱን ይዞ ይፈነዳል። የሻጯ ክንድ ላይ ያሉት ጥቃቅን ጠባሳዎች የዚህ ሙያ የማዕረግ ምልክቶች ናቸው።

አክስቴ ግን የዚህ ጥበብ ጠላት ናት። እሷ ዘይቱን በውሃ አትጠይቅም። ከሳምቡሳው ሊጥ የሽምብራ ፍሬ የምታክል ቆንጥራ ጣል ታደርግና ዝም ብላ ታያለች። ሰው ሳምቡሳ ሲርበው እሷ ሊጥ ታያለች! ሊጡ ድስቱ ግርጌ ሄዶ ከተኛ፣ አልፎ አልፎ አንድ ሁለት አረፋ ብቻ ከለቀቀ፣ «ገና ነው» ትልና ትቀመጣለች። ትንሽ ሰመጥ ብሎ ወዲያው ከተመለሰ፣ ዙሪያውን ጥቃቅን አረፋ ከከበበውና ቀስ እያለ ወርቃማ ከሆነ፣ ያን ጊዜ ትነሣለች። ሳይሰምጥ ላይ ላዩን እየተንጫጫ ወዲያው ከጠቆረ ድስቱን ከከሰሉ ላይ ታወርደዋለች። ሊጥ ከሌላት ደግሞ የደረቀ የእንጨት ማማሰያ ጫፍ ትነክራለች። እንጨቱ ውስጥ ያለችው ጥቂት እርጥበት አረፋ ሆና ትወጣለች። አረፋው ሳይቋረጥ ከተንዠቀዠቀ ደርሷል፤ በኃይል ከተፍለቀለቀ አልፏል።

«ውሃው የሚነግርህ ስለ ራሱ ነው፤ እኔ የምጠብሰው ሊጥ ነው» አለችኝ አንድ ቀን። ይህን ያህል ግትር ናት።

ወደ መናኸሪያችን እንመለስ። ዘይቱ «ሞቋል» ስለተባለ አሥራ ሁለቱም ሳምቡሳ ባንዴ ይገባሉ። ድስቱ ውስጥ ያለው ዘይት አንድ ሊትር ቢሆን ነው፤ አራት አምስት ሳምቡሳ ይበቃው ነበር። ግን ማን ከማን ያንሳል፣ ሁሉም ይግባ! ያ ሁሉ ቀዝቃዛ ሊጥና ምስር ሲገባ ዘይቱ ጸጥ ይላል። መጀመሪያ ሲገቡ የነበረው ትርምስ ይጠፋል፣ አረፋው ትልልቅና ሰነፍ ይሆናል፣ ሳምቡሳዎቹ እንደ ተኙ ሰዎች ይንሳፈፋሉ። አምስት ደቂቃ አልፎም ነጭ ናቸው። አክስቴ ብትኖር ሰባቱን ታወጣ ነበር። ከከሰሉ ላይ አመዱን አራግፋ ታናፍስ ነበር፤ ከሁለተኛው ዙር በፊትም እንደገና ሊጥ ትጥል ነበር። ለዚህ ነው ነጋዴ ያልሆነችው።

ትኩስ ዘይት ውስጥ የገባ ሊጥ ውጪው ያለው ውሃ ቶሎ ወደ እንፋሎት ይለወጣል። እንፋሎቱ ወደ ውጪ ሲገፋ ዘይት እንደ ልቡ አይገባም፤ ቂጣውም ቶሎ ይደርቅና ቀርቀር የሚል ይሆናል። የእኛ ሳምቡሳ ግን እንዲህ ያለ እንግዳ የሚመልስ ክፉ ልማድ የለበትም። ዘይቱ ለብ ብሎ ሲመጣ እንፋሎቱ ደካማ ነው፣ ቂጣው ሳይጠነክር ይቆያል፣ እስኪቀላ ድረስም ረጅም ጊዜ ይዋኛል። የሚረጋው ዘይት ከሆነ ደግሞ በማርቆስ ጠዋት ብርድ ላንቃ ላይ ይረጋልሃል። እስከ ምሳ ድረስ ቁርስህን አትረሳም።

በተቃራኒው ወገን የቆሙ ጀግኖችም አሉ፤ ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር ዓሣ ሲጠበስ አይቻቸዋለሁ። እነሱ ዘይቱ ካልጨሰ አያምኑም። አዲስ የተጣራ ዘይት የሚጨሰው ብዙውን ጊዜ ከ200 ዲግሪ በላይ ነው። ደጋግሞ የተጠበሰበት ግን ቀድሞ ይጨሳል፤ ስለዚህ የነሱም ምስክር ቃሉን ይለዋውጣል። ዓሣው ቆዳው በደቂቃ ይጠቁራል፣ አጥንቱ አጠገብ ያለው ሥጋ ጥሬ ነው። ሁለት ዓይነት ምግብ በአንድ ዋጋ።

የመጨረሻው ጥበብ ሳምቡሳው ከወጣ በኋላ ነው፤ እኔ ከሁሉ የምወደውም ይህን ነው። አብዛኛው ዘይት የሚገባው ድስቱ ውስጥ እያለ ይመስላል። ብዙው ግን ከወጣ በኋላ ነው የሚገባው። ሲቀዘቅዝ ውስጡ ያለው እንፋሎት ይጨማደድና ላዩ ላይ የቀረውን ዘይት ወደ ውስጥ ይስባል። አክስቴ ይህን ስለምታውቅ አረፋው እየደከመ፣ ድምፁም እየሳሳ ሲመጣ በባለቀዳዳ ጭልፋ ታወጣና ድስቱ ላይ ሁለቴ ሦስቴ ታራግፈዋለች። ከዚያ ወንፊት ላይ አንድ በአንድ፣ ሳታነባብር ታቆማቸዋለች። ሻጯ ግን ከዘይቱ ጋር ዛቅ አድርጋ ሳህን ላይ ትከምራቸዋለች። የላዩ ለታችኛው ያካፍላል፤ የታችኞቹ በራሳቸው እንፋሎት ይለሰልሳሉ። አብረው የኖሩ አብረው ይረጥባሉ።

ትናንት ግን ድፍረት ያዘኝ። «እታለም፣ ትንሽ ሊጥ ጣል አድርገሽ ብታዪውስ?» አልኳት።

«ሊጥ በየትኛው ዋጋ ተገዝቶ!» አለችና ጣቷን ጆጉ ውስጥ ነከረች። ቸስ። አሥራ ሦስተኛውን ጨመረችው።

ሦስቱን ተቀብዬ ግንቡ ላይ ተቀመጥኩ። ወረቀቱ ላይ የአንድ ተማሪ የሳይንስ ፈተና ነበር፣ ዘይቱ አብርቶት ቁልጭ ብሎ ይነበባል። «ውሃ በስንት ዲግሪ ይፈላል?» ይላል ጥያቄው። «በ100» ብሏል ልጁ። መምህሩ በቀይ እስክሪብቶ «ትክክል» ብለውታል።